ለአባቴ ስፌት መኪና የቀረበ ዋጋ

በስልክ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ ክፉ ነው አልልም። እኔ ራሴ ዛሬ እንጀራ የምበላበትን የፎቶ ኮፒ ማሽን ያገኘሁት በዚሁ መንገድ ነው። ድርድርም አውቃለሁ፤ ጎንደር ተወልዶ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ መከራከር የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ታሟል ወይ ሀብታም ነው። ነገር ግን ሃያ ስምንት ሺህ ብር ተብሎ በጉልህ የተጻፈ ዕቃ ላይ «በአሥራ አምስት ልውሰደው?» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ፊቱን ባየው እል ነበር። አንዱን አየሁት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ዕቃው የአባቴ ስፌት መኪና ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የካህናት ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ካባ፣ ቀሚስ፣ ለዲያቆናት የበዓል ልብስ። በከተማው ካሉት አድባራት የሱ መርፌ ያልደረሰበትን ካባ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። መኪናው በእግር የሚነዳ፣ ከባድ፣ ብረቱ ጥቁር፣ ጠረጴዛው እጁ ባረፈበት በኩል የለሰለሰ ነው። አባቴ በሞተ በወሩ እናቴ ጠራችኝና «ይሸጥ» አለችኝ። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ እኔም መስፋት አልችልም፣ ቁልፍ እንኳ ስተክል ጣቴን ነው የምወጋው።

መሸጡ ለአርባው ነው። እናቴ የቄስ ልጅ ናት፤ ተዝካር በሷ ቤት ቀልድ አይደለም። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ቤት ሲመጡ ሥጋ ወጥ መቅረብ አለበት፣ ጠላው መጠመቅ አለበት፣ ድሀም መብላት አለበት። እኔ «እማዬ፣ እንደ አቅማችን እናድርገው፤ ሽሮም ቢሆን ነፍስ ይምራል» ስላት እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ! «እነሱን ሲያለብስ የኖረ ሰው ተዝካሩ በሽሮ ይውጣ ነው የምትይኝ?» አለች። ከዘመድ መለመን አትፈልግም፣ መበደርም አትፈልግም። በግ አሥር ሺህ በገባበት ጊዜ፣ መኪናው ከተሸጠ ሁለት በግና የጠላው ጌሾ ይወጣዋል ብላ አስባለች። ሌላ ምንም አልነበረንም፤ ለሕክምናው ሁሉም ወጥቷል።

ፎቶ አነሳሁት። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጎን፣ አንዱን የስፌቱን ናሙና አስጠግቼ። በከተማው ሰው ዕቃ በሚገዛና በሚሸጥበት ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ፤ «ያገለገለ የእግር ስፌት መኪና። በደንብ የተያዘ፣ ጠፍሩ አዲስ። ወፍራም ጨርቅ ይሰፋል። 28,000 ብር። መጥቶ ማየት ይቻላል።» ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ አርባው የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ዘጠኝ ቀን አለኝ ማለት ነው።

አይ የዚያ ግሩፕ ሰው! ዋጋው ተጽፎ ሳለ «ስንት ነው?» ይላል። ፎቶው ሦስት ሆኖ ሳለ «ፎቶ የለም?» ይላል። አንዱ «አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «አለ» አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ምድር ትዋጠው ሰማይ ይውሰደው አላውቅም። አንዱ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ስልክ ጋር እንለዋወጥ አለኝ። ሌላው ደግሞ «የመጨረሻ?» ብቻ ብሎ ይጽፋል፤ ሰላምታ የለ፣ እባክሽ የለ፤ ከአፉ ቃል ሲወጣ ቀረጥ የሚከፍል ነው የሚመስለው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰው የምትመስል አንዲት የአይከል ሴት ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌቱን ቪዲዮ ላኪልኝ አለች፣ ላክሁላት፤ የጠፍሩን ጎን አሳይኝ አለች፣ አሳየኋት። «ሃያ አምስት እከፍላለሁ፣ ግን የተረከብኩት የትምህርት ቤት ልብስ አለ፤ እሱን አስረክቤ ሳልጨርስ መምጣት አልችልም» አለች። መቼ ስላት አርባው ካለፈ በኋላ ሆነ። ቀብድ ላኪ እንዳልላት፣ ሳታይ ለምን ትልካለች? እኔም ብሆን አልልክም።

ያ ፊቱን አየሁት ያልኩት ሰው የጻፈልኝ በዚያው ሐሙስ ከሰዓት ነው። የመገለጫው ፎቶ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ነው። ሌሎቹ በዋጋ ሲጀምሩ እሱ በዚህ ጀመረ፤

«እህቴ ሰላም ለቤታችሁ። ሐዘን ላይ ናችሁ መሰለኝ። ነፍስ ይማር።»

ደነገጥኩ። ፎቶዎቹን መልሼ አየሁ። ለካ ከጎን ባነሳሁት ላይ፣ በጥጉ በኩል፣ እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ የጥቁር ቀሚሷ ጫፍ ገብቷል። ይህን አይቶ ነው። እኔ ሞኝ፣ ልቤ ተነካ። በዚያ ሁሉ «የመጨረሻ?» መካከል አንድ ሰው ነፍስ ይማር ሲለኝ ምን ላድርግ? እኛ አገር ነፍስ ይማር ላለ ሰው መልስ አይከለከልም፤ የተጠየቅሽውን ትመልሻለሽ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን» ብዬ ጻፍኩ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«አባቴ።»

«አይዞሽ እህቴ፣ በአፀደ ገነት ያኑርልሽ። አርባው መቼ ነው?»

«የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ።»

«ተዝካሩን የት ነው የምታወጡት?»

ደብሩን ነገርኩት። ሰፈሩንም ነገርኩት፤ ሊያጽናናን ይመጣል ብዬ ነው እንግዲህ! የባንክ ደብተሬን ቁጥር ቢጠይቀኝ አልሰጠውም ነበር፤ የአባቴን አርባ ግን በገዛ ጣቴ ጽፌ ሰጠሁት። ትንሽ ቆየና፣

«መኪናውን በ15 ብወስደው? ዛሬ ካሽ» አለኝ።

«ይቅርታ፣ አይሆንም። ሃያ ስድስት የመጨረሻ ነው» አልኩት በትሕትና። አሁን ሳስበው ያ ትሕትና ያቃጥለኛል።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «አሥራ አምስት ሺህ? ስጪው» አለች ወዲያው። «እማዬ፣ ግማሹ እኮ ነው!» «ግማሹም ቢሆን አንድ በግ ይገዛል። ስጪው ልጄ።» «ገና ስምንት ቀን አለ፤ የሚሻል ይመጣል» አልኳት። ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴ ዝም ስትል ተስማማች ማለት አይደለም።

ቅዳሜ ጻፈልኝ። «እህቴ እንዴት ሰነበታችሁ፣ እናትሽ በረቱ? 14 አድርጌዋለሁ።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ሲደራደር ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ስድስት ይወጣል፤ ይሄኛው ወደ ታች ነው የሚወጣው። «ባለፈው አሥራ አምስት አላልክም?» አልኩት፤ ከእርስዎ ወደ አንተ የወረድኩት ያኔ ነው። «አዎ፣ ግን ጊዜው እየሄደ ነው» አለኝ። «ሃያ አምስት የሚከፍል አለኝ» አልኩት። «ጥሩ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ይደርሳል?»

ወይ ጉድ! ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ሱቄ ውስጥ የልደት ካርድ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ ደምበኛ ነበር፣ ክው ብሎ አየኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው ያንን ነፍስ ይማር ያለው እኮ ለአባቴ አይደለም፤ ቀን ሊቆጥርብኝ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ይሄኛው እንባውን ለገበያ አውጥቶ ነው የመጣ።

ማክሰኞ ሌላ ሰው ጻፈ። የሴት ስም፣ የጽጌረዳ ፎቶ። «ሰላም፣ ስፌት መኪናውን በ9 ሺህ እፈልጋለሁ።» በሳቅ ሊገድለኝ! «የጠረጴዛውን እግር ነው ወይስ ሙሉውን?» ብዬ መለስኩ። «አትሳቂ እህቴ፣ ከአርባው በፊት ብትሸጡት ለእናንተ ነው የሚሻለው» አለች። ለቀባሪው አረዱት አሉ። ግሩፑ ላይ ስለ አርባ የጻፍኩት አንድ ቃል የለም። ከባለመልአኩ በቀር አርባው መቼ እንደሆነ በዚያ ስልክ ውስጥ የነገርኩት ፍጥረት አልነበረም። ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ባለመልአኩ ተመልሶ መጣ፤ «እህቴ፣ ዘመኑ ክፉ ነው፣ ሰው ዘጠኝም ሊልሽ ይችላል። እኔ ለነፍስ ብዬ 13 እሰጣለሁ።»

መቼም እንዲህ ያለ ብልጠት ደብቀው ቢይዙት ጥሩ ነው። ዘጠኝ ሺህ ብለሽ አስደንግጠሽ፣ አሥራ ሦስቱን ማር ማድረግ። የአንድ ሰው ሁለት አፍ! «በሁለቱም ስልክህ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩለት። አነበበው፤ አላፈረም። «አልገባኝም እህቴ» አለ። እኔ ግን በደንብ ገብቶኛል።

በዚያው ቀን የአባቴ ታላቅ ወንድም ከድብ ባሕር ገባ። ገበሬ ነው፤ ለአርባው ገብስና ባቄላ ጭኖ መጥቶ ነበር፣ በግ የለውም፣ ያለችውን አንዲት ጥንድ በሬ ይሸጣል እንዴ? መልእክቶቹን አነበብኩለት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝና፣ «ምነው፣ ሰውየው ፊቱ የታለ?» አለኝ።

«ፊት የለውም አያ፤ መልአክ ነው የለጠፈው።»

«እኛም ገበያ እንወርዳለን እኮ። የሰው በግ ሲያዋርዱ ከብቱን ነው የሚያዋርዱ፤ ወገቡ ቀጠነ፣ ጥርሱ አለቀ ይላሉ። የሰው ሬሳ ላይ ቆሞ ዋጋ የሚጥል ግን አላየሁም። አትስጭው!»

እናቴ ከጓዳ ሰማችው። «አንተ ዝም በል» አለችው። «ቅዳሜ ካህናቱ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ካለ፣ በአሥራ ሦስት ትስጠው። ሰውየው ክፉ ከሆነ ክፋቱ የራሱ ነው፤ ብሩ ምን አደረገ?»

«እማዬ፣ በአባዬ ሞት እኮ ነው የሚነግድብን!»

«አውቃለሁ። እኔ ደግሞ በአባትሽ ሞት መዋረድ አልፈልግም።»

ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ንዴቱ በእሱ ነው፣ በእሷ አይደለም፤ ግን ንዴት አንዴ ከያዘሽ ማን ማን እንደሆነ አይለይሽም። አሥራ ሦስት ሺህ የሚለውን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ጥርሱን እየፋቀ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚታየኝ። እሺ ብዬ ብጽፍ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ እሱን ከምሰማ ሆዴ ቢፈነዳ ይሻለኛል አልኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ሌሎች ግሩፖች ላይ ለጠፍኩት፣ የሚያውቁኝን ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ደወልኩ፣ አዘዞ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ሁሉም መኪናው ሸጋ ነው ይላል፤ በዚያ ሳምንት ብር የያዘ ግን አልተገኘም።

ዓርብ ቀትር ላይ፣ እናቴ ከእድሩ ሴቶች ጋር ድስት ስትረከብ፣ ስልኬ ጮኸ።

«እህቴ፣ ነገ ነው አይደል? 12። አሁን የጭነት መኪና ይዤ ልምጣና ልጫነው። ከዚህ በኋላ አልጠይቅሽም።»

ቁጭ አልኩና ጻፍኩ። ብዙ ደመሰስኩ፤ ስድብም ነበረበት፣ አጠፋሁት። የላክሁት ይህን ነው፤ «አልሸጥልህም። በአሥራ ሁለት አይደለም፣ በሃያ ስምንትም ላንተ አልሸጥልህም። ነፍስ ይማር ብለህ ጠይቀኸኝ ቀን ነገርኩህ፤ አንተ ቀኑን ይዘህ በጻፍክ ቁጥር አንድ አንድ ሺህ ቀነስክ። ሰው ሐዘንተኛ ቤት ሄዶ ያጽናናል እንጂ ዋጋ አይጥልም። እንደገና እንዳትጽፍልኝ።»

ወዲያው አነበበው። ከዚያ አንድ ቃል መለሰ፤ «እሺ።»

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ እንዴት ደስ አለኝ! ለእናቴ ሄጄ «አባረርኩት» አልኳት። ድስቱን አስቀመጠችና «ነገ ምን እናቀርባለን ታዲያ?» አለች። አልጮኸችም። ከዚያ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰች።

ቅዳሜ ተዝካሩ ወጣ። ፍትሐቱ ደርሶ ካህናቱ ድንኳኑ ውስጥ ተደረደሩ። ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላ አልጫ፣ የአጎቴ ገብስ ጠላ። ጾም አይደለም፤ ዓርብም ረቡዕም አይደለም። ቅዳሜ ቀን በተዝካር ላይ ሽሮ ነው የቀረበላቸው። ካህናቱ ባርከው በሉ። እናቴ ወጥ እየጨመረች ስትዞር ዐይኗን ከወጡ አላነሳችም። አንዷ የእድር ሴት ለጎረቤቷ «ዶሮ እንኳ ጠፋ?» ስትል እኔ ሰምቻለሁ፤ እሷም እንደሰማች ከአንገቷ አወቅሁ።

ካህናቱ መርቀው ሲነሱ አንድ ሰው ቀርቷል። አርባ አምስት የሚሆነው፣ ጃኬቱ ንጹሕ፣ ሁለት ጊዜ ተጨምሮለት የበላ። የማን ዘመድ ነው ብዬ አጎቴን ጠየቅሁት፤ አላውቀውም አለ። ሰውየው እጁን ታጥቦ፣ አፉን ጠርጎ፣ ወደ እናቴ ሄደና ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ነፍስ ይማር። በረቱ?» አላት። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ አነጋገሩን ግን አወቅሁት። ዐይኑን በጨው አጥቦ መጥቷል! ደብሩን የነገርኩት እኔ፣ ሰፈሩን የነገርኩት እኔ።

«ልጅዎ ተቆጥታ ነው እንጂ በሰላም እንጨርስ ነበር» አለ። «እኔ እንግዲህ የደከመን ሰው ማየት አልወድም። መኪናውን አሁን አሥር ሺህ ልስጥዎና ልውሰደው፤ ብሩ ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው።»

ልሄድበት ተነሳሁ። አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። እናቴ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«በልተሃል?» አለችው።

«አዎ እማማ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ስትጠይቅ የነበረው ለዛሬው ነበር። ዛሬ ደግሞ አለፈ፤ ካህናቱ ሄዱ፤ አንተም በላህ። ከእንግዲህ ምን ያስቸኩለኛል ብለህ ነው አሥር ሺህ የምትለኝ?»

ወደ ኪሱ የላከውን እጁን መለሰ። በዘጠኝ ቀን ያቀደው ሁሉ በአርባው ላይ የተሠራ ነበር፤ አርባው ካለፈ እጁ ባዶ መሆኑን አንድም ቀን አላሰበም። ያ ሁሉ ተንኮል፣ ያ ሁሉ መልአክና ጽጌረዳ፣ ይህችን ቀላል ነገር አላየም። «እንግዲህ ያውቃሉ» ብሎ ጃኬቱን አስተካክሎ ወጣ። ከኋላው ሳቅሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ ሳቅሁ።

እናቴ አልሳቀችም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ የእድሩን ሳህን ስናጥብ፣ ቀና ሳትል፣ «አንቺ አሸነፍሽው» አለችኝ። «እሰይ። እኔ ግን ካህናቱን በሽሮ ሸኘኋቸው። በአሥራ አምስት ስጪው ባልኩሽ ቀን ሰጥተሽው ቢሆን በግ ይታረድ ነበር። ንዴቱ ያንቺ ነበር፤ አርባው የኔ ነበር። አልጠየቅሽኝም።»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ እማዬ፣ ነግሬሽ ነበር...»

«ነገርሽኝ። አልጠየቅሽኝም።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአይከሏ ሴት መጣች። ጨርቅ ይዛ መጥታ ራሷ ሰፍታ አየችው፣ ሃያ አምስት ሺህ ቆጥራ ሰጠች፣ ማን እንደሞተም አልጠየቀችም። ብሩን ለእናቴ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና ሳትቆጥረው ሳጥኗ ውስጥ አስገባችው። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም ጥፋተኛ ነኝ ብያታለሁ፣ እውነቴንም ነው። ያልነገርኳት አንድ ነገር ቢኖር፣ ያ ሰው ዛሬም በአሥራ አምስት ሺህ ቢመጣ፣ ነገም አርባው ቢሆን፣ አሁንም አልሰጠውም ነበር።